18,000 ብር ሐረጎን ሲወርድ ስንት ይሆናል?

*ደሴ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያልተጣራ ደመወዜ 16,000 ብር ነው፤ ቢሮዬ ለቤቴ ቅርብ ስለሆነ በእግሬ ነው የምሄደው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለከፍተኛ ሒሳብ ሠራተኛነት አንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ ለሁለተኛው ለመጪው ሐሙስ ጠርቶኛል። ቅዳሜ ሲደውሉልኝ ደመወዙ ከ15,000 እስከ 18,000 ብር መሆኑን ነገሩኝ። ለሐሙስ የዓመት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። በሚኒባስ መመላለስ በቀን 140 ብር ይፈጅብኛል። ለቦታው የጠቆሙኝ የአጎቴ ወዳጅ የሆኑ ሐጂ ናቸው። መቅረት እፈልጋለሁ፤ ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ወይስ ሄጄ ልደራደር?*

ከማንኛውም ነገር በፊት ለደወለችልሽ የሰው ሀብት ሠራተኛ መልሰሽ ደውለሽ አንድ ነገር ጠይቂያት፦ ፋብሪካው ከደሴ የሚነሳ የሠራተኞች ሰርቪስ አለው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ የመልስሽን መልክ ሙሉ በሙሉ የሚለውጠው ግን እሱ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ። አንቺም የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ተከታትለሽ ታርሚኛለሽ።

አሁን 16,000 ብር ያልተጣራ ታገኛለሽ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ በአጭሩ ስሌት 16,000 በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ሲቀነስ ግብርሽ 3,550 ብር ነው። ጡረታው 7 በመቶ፣ ማለትም 1,120 ብር ነው። ወር ሲያልቅ እጅሽ የሚገባው 11,330 ብር ነው።

አሁን ፋብሪካው የነገረሽን ጣሪያ፣ 18,000ን ውሰጂ። ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260፣ የተጣራው 12,490 ብር ነው። ከአሁኑ የሚበልጠው በ1,160 ብር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ 2,000 ብር ጭማሪ የነበረው ኪስ ሲደርስ ከስድሳ በመቶ በታች ሆኗል። አንቺ ባለሽበት ደረጃ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ሺህ ብር 350ው ለግብር፣ 70ው ለጡረታ ሄዶ 580 ብር ብቻ ይቀርልሻል። ይህን 580 ያዢው፤ ቀጥሎ የምንሠራው ሁሉ የሚሠራው በእሱ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በካርታ ላይ ቅርብ ነው። በመሐሉ ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ የሚያውቅ ግን ካርታ ሌላ መንገድ ሌላ መሆኑን ያውቃል። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደሽ ማታ ያንኑ ትወጪዋለሽ፤ ከከባድ መኪና ኋላ ከቆምሽ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ከወረደ፣ ሰዓትሽን አንቺ አታዢውም። የሰዓቱን ነገር ለጊዜው ትተን ገንዘቡን ብቻ እንቁጠር። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ቅዳሜንም በከፊል ስለሚሠሩ በወር 25 ቀን ብንይዝ 140 ብር በ25 ቀን 3,500 ብር ነው። የ1,160 ብሩን ጭማሪ በዚህ ላይ ስታሳርፊው በጣሪያው ደመወዝ ተቀጥረሽ እንኳ በየወሩ ከዛሬው 2,340 ብር ያንስሻል።

ወደ መሐል ስንወርድ ነገሩ ይብሳል፤ የሚያገኙሽም መሐል ላይ ነው። «ከ15,000 እስከ 18,000» ሲባል ብዙ ሥራ ፈላጊ ጆሮው የሚይዘው 18,000ውን ነው። እኔ በቅጥር በኩል ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁና ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ልንገርሽ። የደመወዝ እርከን ሲሠራ ጣሪያው የሚተወው በየዓመቱ ለሚጨመርለት፣ ቦታው ላይ ላረጀ ሠራተኛ ነው። አዲስ ገቢን ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ሁለት ችግር ያመጣል፦ በሚቀጥለው ዓመት የሚጨመርለት ነገር አይኖርም፤ ከዚያም በላይ እዚያው ሒሳብ ክፍል አምስት ዓመት የሠራው ሰው ወሬው በአንድ ሳምንት ይደርሰውና ከእኔ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ይነጋገራል። ስለዚህ የቅጥር ኃላፊው አዲሱን ሰው ከመሐል በታች ወይም መሐል ላይ ያስቀምጣል። መሐሉ 16,500 ነው፤ የተጣራው 11,620 ብር። ከዛሬው በ290 ብር የሚበልጥ ገንዘብ ለማግኘት 3,500 ብር ለሚኒባስ ትከፍያለሽ ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ቁጥር እናውጣ፤ ሐሙስ ላለመሄድ የምትጠቀሚበትም ይኸው ነው። የመንገዱን 3,500 ብር ብቻ ለመመለስ ስንት ያልተጣራ ደመወዝ ያስፈልግሻል? 3,500ን ለ0.58 አካፍዪው፤ 6,030 ብር ገደማ ይመጣል። 16,000 ላይ ሲደመር 22,000 ብር ይሆናል። በ22,000 ብር ያለሽበት ቦታ ላይ ነሽ፤ ምንም አላተረፍሽም። ማንም ሰው ሐረጎን በቀን ሁለት ጊዜ በነጻ አይወጣም አይወርድምና በወር የተጣራ 2,000 ብር እንኳ እንዲተርፍሽ ብትፈልጊ 5,500ን ለ0.58 ታካፍያለሽ፤ ጠቅላላው ወደ 25,500 ብር ይደርሳል። የ2,000ውን መጠን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ለድካምሽ የምትቆርጪውን ዋጋ በቦታው አስገቢና ስሌቱን ድገሚው። በ25,500 እና በ18,000 መካከል ያለው 7,500 ብር ግን በድርድር የሚሞላ ጉድጓድ አይደለም። እርከን ያለው ድርጅት ለአንድ ጥሩ እጩ በጣሪያው ላይ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ብር ሊያስፈቅድ ይችላል፤ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ለማስፈቀድ ግን የሥራ ደረጃውን ራሱን መለወጥ አለበት፤ ያ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት በቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ አይሆንም።

«የትራንስፖርት አበል ቢሰጡኝስ?» የሚል ሐሳብ እንደሚመጣብሽ አውቃለሁ፤ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። የትራንስፖርት አበል እስከ ተወሰነ መጠን ከግብር ነጻ ነው፤ ጡረታም የሚቆረጠው ከደመወዙ ላይ ነው። ስለዚህ የአበል ሺህ ብር ሺህ ብር ሆኖ ይገባል እንጂ 580 አይሆንም። ነገር ግን በጣሪያው፣ በ18,000 ላይ 2,000 ብር አበል ጨምረው ሙሉውን ከግብር ነጻ ብናደርገው እንኳ 14,490 ይሆናል፤ ሚኒባሱን ሲቀንሱለት 10,990። አሁንም ከዛሬው በታች ነሽ።

ሰርቪስ ካለ ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። 3,500 ብሩ ይጠፋል። ያኔ የተጣራ 2,000 ብር ለማትረፍ የሚያስፈልግሽ 19,500 ብር ገደማ ነው፤ ከጣሪያቸው በ1,500 ብር ብቻ ይርቃል። ይህ ሊሞላ የሚችል ርቀት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄውን በመጀመሪያ ጠይቂ ያልኩሽ። ሰርቪስ አለ ካሉሽ ሁለት ነገር አጣሪ፦ አውቶቡሱ ከደሴ ከየት ተነስቶ ስንት ሰዓት ይሄዳል፤ የቢሮ ሠራተኞችንስ ያካትታል ወይስ የፈረቃ ሠራተኞችን ብቻ ነው የሚያመላልሰው? የምርት ክፍሉ ፈረቃ ማለዳ በጣም ቀድሞ የሚጀምርባቸው ቦታዎች አሉ። ሒሳብ ክፍል ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እየገባ አውቶቡሱ ከደሴ ከንጋቱ አሥራ አንዱ ተኩል ላይ የሚነሳ ከሆነ ያ ሰርቪስ ለአንቺ የለም ማለት ነው። የተጠራው ደመወዝ መነሻ ደመወዝ ነው ወይስ ጥቅማ ጥቅም ተደምሮበት የሚለውንም በዚያው ስልክ ጨምሪ። አንዳንዱ ድርጅት የቤትና የምግብ አበልን ጠቅልሎ አንድ ቁጥር ይናገራል፤ ሌላው መነሻውን ብቻ ይናገርና አበሉ በላዩ ይመጣል።

ሰርቪስ ካለና ሰዓቱ ከገጠመሽ በዚያው ጥሪ ላይ፣ ሐሙስ ሳይመጣ፣ እንዲህ በያት፦ «ለመምጣት ዝግጁ ነኝ፤ ነገር ግን ሥራውን ልቀበል የምችለው ከ19,500 ብር ያልተጣራ መነሻ ደመወዝ ጀምሮ ነው። ከጣሪያችሁ በላይ መሆኑን አውቃለሁ። ሊታሰብ የሚችል ከሆነ ሐሙስ እመጣለሁ፤ የማይታሰብ ከሆነ ግን ጊዜያችሁን እንዳላባክን ንገሩኝ።» አንድ ቁጥር ብቻ ጥሪ። «ከ19 እስከ 21» ካልሽ የሚሰሙት 19ን ነው። እነሱ ራሳቸው ከ15 እስከ 18 ሲሉ አንቺ የሰማሽው 18ን አይደል?

አሁን ሰርቪስ ወደሌለበት፣ ግምቴም ወደሚያደላበት ሁኔታ ልመለስ። አትሂጂ። ሄዶ መደራደር ለአንቺ የሚከፋው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ጊዜ የፋይናንስ ኃላፊው፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ ሰው ይቀመጣል፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣን ሰው አንድ ሰዓት ካስወራሽ በኋላ «በ25,500 ካልሆነ አልመጣም» ብትዪ መጀመሪያውኑ የምታውቂውን ዋጋ ደብቀሽ ያደከምሽ ሆነሽ ትታያለሽ። እነሱ ቁጥራቸውን ቀድመው ነግረውሻል። ይህ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዘንድ ሁልጊዜ የማይገኝ ቅንነት ነው፤ ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው ይደብቁታል። ቁጥሩን ቀድሞ ለተናገረ ሰው ቁጥርን ቀድሞ መመለስ ተገቢ ነው።

ሰው ሲቀር ደግሞ እውነተኛ ምክንያቱን ይናገራል። ደሴ ላይ የለመድነው «የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመኝ» ማለት ነው፤ እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። አንድ ድርጅት ለሁለተኛ ዙር ሲጠራኝ ደመወዙ አንሶብኝ አሞኛል አልኩ። ቃለ መጠይቁ ሰኞ ጠዋት ነበር። በዚያው ሰኞ፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ ለምትሸምት እናቴ ዘንቢል ተሸክሜ ሳለሁ የጠሩኝ የአስተዳደር ኃላፊ ከፊቴ ቆሙ። «እግዜር ይማርህ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ በዚያ ድርጅት በር አላለፍኩም። የኀፍረቱ ነገር ቢቀር እንኳ ሐሰተኛ ምክንያት ሥራውን አይሠራም፤ ታመምኩ ያልሽው ሰው «እሺ፣ ለማክሰኞ እናዛውረው» ይልሻል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ያልሽውም እንደዚያው። ሁለተኛ ውሸት ትፈልጊያለሽ። ደመወዙ ነው ያልሽው ሰው ግን ወይ ቁጥሩን ያነሳል ወይ ያሰናብትሻል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

ለፋብሪካው ከመንገርሽና ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት ግን ሐጂን ደውለሽ አግኚያቸው። በእኛ ሀገር ሰው የጠቆመሽን ሥራ ከጠቋሚው ኋላ መተው ትልቅ ነውር ነው፤ ነገሩን ከፋብሪካው ሰው አፍ ከሰሙት «ልጅቱ አሳፈረችኝ» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። በአጭሩ፦ «ሐጂ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ስለጠቆሙኝ አመሰግናለሁ። ደመወዙን ቅዳሜ ነገሩኝ። መንገዱን ጨምሬ ሳሰላው ካለሁበት በታች ሆነብኝ። ከእነሱ በፊት እርስዎ እንዲያውቁ ብዬ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እነግራቸዋለሁ።» ቁጥሮቹን ለሐጂ አትዘርዝሪ፤ «እኔ አነጋግሬ አስጨምርልሻለሁ» ሊሉ ይችላሉ፤ ያ ደግሞ ጠቃሚ አይደለም። በሰው ልመና የተጨመረ ደመወዝ እርከን ውስጥ አይቀመጥም፤ በሚቀጥለው የደመወዝ ማሻሻያ «አንቺ አስቀድመሽ ወስደሻል» ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ ካሉሽ «አይ ሐጂ፣ የእነሱ እርከን ነው፣ ሰው አያስቸግሩብኝ» በያቸው።

ለፋብሪካው ግን መጀመሪያ በስልክ ነገሪያቸው፤ የጠሩሽ በስልክ ነውና። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ፣ በኢሜይል ወይም በሚጠቀሙበት መንገድ፣ የዚያኑ ቀን ላኪ። ጽሑፉ ለእነሱ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ለፋይናንስ ኃላፊው የምታሳየው ወረቀት ነው፤ በእሷ ላይ «እጩዋን አበላሸሻት» እንዳይባል ያድናታል። እስከ ማክሰኞ ድረስ መድረስ አለበት። ረቡዕ ማታ ከሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው መኪና ውስጥ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል። ጉዳዩ፦ ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ የተደረገልኝን ጥሪ ስለመተው። ለከፍተኛ ሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ለሐሙስ ስለጠራችሁኝና የደመወዙን መጠን አስቀድማችሁ ስለገለጻችሁልኝ አመሰግናለሁ። የተገለጸው መጠን ከ15,000 እስከ 18,000 ብር ነው። ከደሴ ተመላልሼ ለመሥራት የምችለው ከ25,500 ብር ያልተጣራ መነሻ ደመወዝ ጀምሮ በመሆኑ ቃለ መጠይቁ ላይ አልገኝም። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

እዚህ ላይ የሌለውን ነገር ተመልከቺ። አሁን የምታገኚው 16,000 ብር የለበትም። ብዙ ሰው «እኔ አሁን የማገኘው ይህን ያህል ነው» ብሎ ይጀምርና ራሱን ያስራል፤ 16,000 የሰማ ኃላፊ 18,000 ሲያቀርብልሽ ሁለት ሺህ እንደጨመረልሽ ነው የሚያስበው፤ መንገዱን አያስብልሽም። የምትነግሪያቸው የሚያስፈልግሽን እንጂ ያለሽን አይደለም። የአሁኑ መሥሪያ ቤትሽ ስምም የለበትም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሒሳብ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ ግብር ሲከፈል አንድ ወረፋ ላይ ይገናኛሉ። ይቅርታም የለበትም። ምስጋና ሁለት ቦታ አለ፣ ይቅርታ አንድም ቦታ የለም፤ ዋጋ አለመግጠም ጥፋት አይደለምና። «ለወደፊቱ ዕድል ቢገኝ» የሚለውንም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ቁጥርሽ ራሱ በሩን ክፍት ይተዋል፤ የደመወዝ እርከናቸው ሲሻሻል ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥተው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ደመወዛችን በማነሱ የቀረ አንድ የጥገና ባለሙያ ነበር፤ ቁጥሩን ጽፎልን ስለነበር እርከናችን በተሻሻለ ጊዜ መጀመሪያ የደወልነው ለእሱ ነው።

ከላክሽ በኋላ መልሰው ይደውሉልሻል ብዬ እገምታለሁ። በጣም የተለመደው «አንቺ ብቻ ነይ፣ እዚያው እንነጋገራለን» የሚለው ነው። ይህ ቃል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ በእውነት ሊጨምሩ ይፈልጋሉ፣ ወይ ለሐሙስ የተያዘውን ወንበር ባዶ ማድረግ አይፈልጉም። የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከ18,000 በላይ የመፍቀድ ሥልጣን ያለው ማን ነው? እሱ 25,500ን አይቶታል?» በእውነት የሚጨምር ሰው ስም ይጠራል፤ «ለዋና ሥራ አስኪያጁ አቅርቤዋለሁ፣ ነገ እነግርሻለሁ» ይላል። ወንበር ለመሙላት የሚጠራሽ ግን «ይታያል»፣ «አትጨነቂ»፣ «አብሽር» ይልሻል። የወሎ ሰው «አብሽር» ሲል ደስ ይላል፤ ግን ክፍያ ላይ ምንም አይጽፍም። ያኔ «አመሰግናለሁ፤ ቁጥሩ ከተፈቀደ ደውሉልኝ፣ በአንድ ቀን ውስጥ እመጣለሁ» በያቸው፤ ስልኩን ዝጊ።

ሌላው የሚመጣው «የሙከራ ጊዜሽን ጨርሺና ይስተካከላል» የሚለው ነው። የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ነው። ከአሥር ሳምንት በኋላ 18,000 ወደ 25,500 የሚሆንበት እርከን የላቸውም፤ ቢኖራቸው ቅዳሜ ይነግሩሽ ነበር። ይህን ተስፋ የሚሰጥሽ ሰው በቅጥር ውሉ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፈው። ውሉ የደመወዙን መጠንና የአከፋፈሉን ዘዴ መግለጽ አለበትና «ከሙከራ ጊዜ በኋላ ይህን ያህል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ከባድ አይደለም። ላለመጻፍ ምክንያት ካበዙ መልሱን ሰምተሻል። በዚያ ላይ ያለሽበትን ሥራ ለቀሽ ነው የምትሄጂው፤ አዲሱ ቦታ በሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትሽ ይችላል፤ ወደ ድሮው ወንበርሽ ግን የሚመልስሽ የለም።

እውነት ለመናገር መልሴ የሚለወጥበት ሁኔታ አለ። ሥራ የሌለሽ ብትሆኚ፣ ወይም ያለሽበት ድርጅት ደመወዝ ማዘግየት ጀምሮ ቢሆን ኖሮ የ2,340 ብሩን ጉድለት ለሁለት ዓመት ልምድ የምትከፍይው ዋጋ አድርገሽ ልትቆጥሪው ትችይ ነበር። ኮምቦልቻ ሄዶ መኖርም አለ፤ ያኔ ሚኒባሱ ቀርቶ የቤት ኪራይ ይመጣል። ቤተሰብሽ ደሴ ካለና አሁን ኪራይ የማትከፍይ ከሆነ ግን ከመወሰንሽ በፊት 3,500ን ከኪራዩ ጋር አወዳድሪው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለሐሙስ የጠየቅሽው የዓመት ፈቃድ። ሰርቪሱ የለም ከተባለና ደብዳቤውን ከላክሽ ፈቃዱን በዚያው ቀን በጽሑፍ አሰርዢው፤ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ ካልተሰረዘ የደመወዝ ሠራተኛው ቀኑን ይቀንስብሻል። አዋጁ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው 16 የሥራ ቀን ነው። ሐሙስ ቢሮ ገብተሽ ሳለ አንዷ ብትቀነስብሽ ለማስመለስ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነሽ የራስሽን ፋይል መከራከር ይመጣል።